9.49 ከየት መጣ?

*«ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዲስ አበባ የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። በፔንዱለም የመሬት ስበትን ለክተን የጻፍኩት የላብ ሪፖርት ከ20 11 አመጣልኝ። ያገኘሁት g 9.49 ነው፤ ከ9.81 በ3.3 በመቶ ያንሳል። የስህተት ውይይቱ ላይ ‹ሂውማን ኤረርና የአየር ግጭት› ብዬ ነበር። መምህራችን በቀይ ‹ይህ ምንም አይናገርም፤ ከዓላማው ጀምረሽ እንደገና ጻፊው› ብለው መለሱልኝ። ርዝመቱን ከመስቀያው እስከ ኳሱ አናት ለካን፤ ጊዜውን በስልክ ስቶፕዎች ያዝን። ሰንጠረዡን አያይዣለሁ። እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»*

*ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ*

እህቴ፣ ሰንጠረዥሽን ሁለት ጊዜ አየሁት። ቁጥሮችሽ ጥሩ ናቸው። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ የስህተቱ ምንጭ እዚያው ቁጥሮቹ ውስጥ ተጽፎ ስላገኘሁት ነው። ሪፖርትሽ ግን እንዲናገሩ ዕድል አልሰጣቸውም። አምስቱን አማካይ ወስደሽ 9.49 አልሽና አለፍሽ።

እስቲ አማካዩን ተይውና አምስቱን በርዝመት ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። በ30 ሴንቲሜትር 9.28፣ በ45 9.47፣ በ60 9.55፣ በ75 9.56፣ በ90 9.59 ነው ያገኘሽው። አየሽው? ክሩ በረዘመ ቁጥር g ይወጣል። አንድም ጊዜ አልወረደም። የመሬት ስበት ደግሞ የእናንተን ክር ርዝመት አይቶ አይለወጥም። እጅ ስለተንቀጠቀጠ ወይም ስቶፕዎቹ አንዴ ቀድሞ አንዴ ስለዘገየ የሚመጣ ስህተት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያደርጋል እንጂ እንዲህ ተሰልፎ ደረጃ አይወጣም። መምህርሽ ከዓላማው ጀምሪ ያሉሽ፣ ሪፖርቱ ከመጀመሪያው በትክክል ቢተከል ኖሮ ይህ ደረጃ ራሱ ፊትሽ ላይ ይመጣ ስለነበር ይመስለኛል። እንግዲህ ከዚያው እንጀምር።

ዓላማሽ «የፔንዱለምን ጠባይ ማጥናት» ይላል። ይህ የትምህርቱ ምዕራፍ ርዕስ ነው። ዓላማ ምን እንደሚለካ፣ ምን እየተለዋወጠ እንደሚለካና ከዚያ ምን እንደሚገኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ «የፔንዱለሙን ርዝመት ከ30 እስከ 90 ሴንቲሜትር እየለዋወጥን የምልልስ ጊዜውን በመለካት፣ በላብራቶሪያችን ያለውን የመሬት ስበት መጠን g መፈለግ።» «በላብራቶሪያችን» የምትለውን ቃል ያዢያት፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

መላምቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሪፖርትሽ የወደቀው እዚህ ነውና። «g 9.81 ይሆናል ብለን እንገምታለን» ብለሻል። ይህ ከመጽሐፍ ጀርባ መልስ ማየት ነው። መላምት፣ እናንተ ሃይፖተሲስ የምትሉት፣ በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት ይተነብያል፤ ሙከራው ሊያፈርሰው የሚችል ሆኖ ይጻፋል። T የምልልስ ጊዜው፣ L ርዝመቱ ሆኖ፣ በእጅሽ ያለው ቀመር ይህ ነው፦

```
T = 2π√(L/g)
T² = (4π²/g)·L
```

ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያው በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ምን እንደሚል አንብቢው። T² ከ L ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ L ዜሮ ሲሆን T²ም ዜሮ ስለሚሆን መስመሩ በዜሮ ነጥብ ያልፋል። ስለዚህ መላምትሽ እንዲህ ይሁን፦ «T² በ L አንጻር ሲሳል በዜሮ ነጥብ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፤ ስሎፑም 4π²/g ይሆናል። ምክንያቱም በትንሽ ማዕዘን ለሚወዛወዝ ፔንዱለም የምልልስ ጊዜው በርዝመቱና በ g ብቻ ይወሰናል።» አሁን ሦስት ነገር ቃል ገብተሻል፤ መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ዜሮን ያልፋል፣ ስሎፑ g ይሰጣል። ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ሪፖርትሽ የሚናገረው ጉዳይ አገኘ ማለት ነው። «9.81 ይሆናል» ብሎ የጀመረ ተማሪ ግን 9.49 ሲያገኝ ከማፈር በቀር የሚያደርገው የለውም።

ተለዋዋጮቹን በትክክል ለይተሻል፤ ርዝመቱ እናንተ የምትለዋውጡት፣ የምልልስ ጊዜው እሱን ተከትሎ የሚለወጠው። ሳይለወጡ የተያዙት ላይ ግን «ማዕዘኑና ክብደቱ ቋሚ ናቸው» ብቻ አልሽ። ምን ያህል ሆነው፣ እንዴት ተያዙ? ኳሱ አንድ ኳስ ስለነበር ያ በአንድ ሐረግ ያልቃል። ማዕዘኑ ግን ቁጥር ይፈልጋል፤ ቀመሩ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ ነውና። ከ10 ዲግሪ ከለቀቃችሁት የምልልስ ጊዜው 0.2 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ ከ30 ዲግሪ ከሆነ ወደ 1.7 በመቶ ይጠጋል። g የሚሰላው ከ T² ስለሆነ በ g ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። በስንት ዲግሪ እንደለቀቃችሁት፣ በፕሮትራክተር ይሁን በግምት፣ ያደረጋችሁትን እንዳለ ጻፊ።

ዘዴው ላይ የማኑዋሉን ትእዛዝ ገልብጠሻል፦ «ኳሱን ስቀል፣ ክሩን ለካ፣ ጊዜውን መዝግብ።» ዘዴ ያደረጋችሁት ነገር ታሪክ ስለሆነ በኃላፊ ጊዜ ይጻፋል፤ ሌላ ሰው አንብቦ ያንኑ ሙከራ፣ ከነስህተቱ ጭምር፣ መድገም እንዲችል ሆኖ። ለምሳሌ የ20 ምልልስ ጊዜ ይዛችሁ ለ20 አካፍላችኋል፤ ጥሩ አደረጋችሁ፤ ግን ለምን እንደሆነ ሪፖርቱ አይናገርም። ስቶፕዎች ሲጫኑ የጣት መዘግየት 0.2 ሰከንድ አካባቢ ቢሆን፣ 1.5 ሰከንድ በሚፈጅ አንድ ምልልስ ላይ ከ13 በመቶ በላይ ስህተት ነው፤ በ20 ሲካፈል ግን ለአንዱ ምልልስ የሚደርሰው 0.01 ሰከንድ ብቻ ነው። ቆጠራውን ከዜሮ መጀመራችሁንም ጻፊ። ስቶፕዎቹን እየጫነ «አንድ» ብሎ የሚጀምር ሰው ሃያ ሲል የቆጠረው 19 ምልልስ ነው። ያን ጊዜ g በ10 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ይወጣል። ያንቺ ዝቅ ብሎ ስለወጣ ይህ አልደረሰባችሁም።

ከዘዴሽ የጎደለችው ዋና ዓረፍተ ነገር ግን ለእኔ የጻፍሽልኝ ናት፦ «ከመስቀያው እስከ ኳሱ አናት ለካን።» ሪፖርቱ ላይ ያለው «የክሩን ርዝመት ለካን» ብቻ ነው። ርዝመት ከየት እስከ የት? በቀመሩ ውስጥ ያለው L ከመስቀያው ነጥብ እስከ ኳሱ መሐል ነው፤ የኳሱ ክብደት እዚያ እንደተሰበሰበ ይቆጠራልና። እናንተ አናቱ ላይ አቆማችሁ። በእያንዳንዱ ርዝመት ላይ የኳሱ ግማሽ ውፍረት ጠፋ።

ይህን ያወቅሁት በደብዳቤሽ ስለነገርሽኝ ነው። ሆኖም ሳትነግሪኝም ግራፉ ይነግረኝ ነበር፤ ውጤት የሚባለው ክፍልም ይህን ማሳየት አለበት። አምስት ጊዜ g አስልተሽ አማካይ ከመውሰድ፣ T²ን በ L አንጻር ሳይው። ከሰንጠረዥሽ የ20 ምልልስ ጊዜዎቹ 22.6፣ 27.4፣ 31.5፣ 35.2 እና 38.5 ሰከንድ ናቸው። ለ20 አካፍለሽ በራሱ ስታባዢው T² 1.277፣ 1.877፣ 2.481፣ 3.098 እና 3.706 ይሆናል። ርዝመቱን በሜትር ከ A2 እስከ A6፣ T²ን ከ B2 እስከ B6 አስገቢና ኤክሴል ላይ ይህን ጻፊ፦

```
=LINEST(B2:B6,A2:A6,TRUE,TRUE)
```

በመጀመሪያው ረድፍ ስሎፑንና መስመሩ ቋሚውን አክሲስ የሚቆርጥበትን ነጥብ፣ ማለትም ኢንተርሴፕቱን ይሰጥሻል። ከሥራቸው ባለው ረድፍ ደግሞ የእያንዳንዳቸው እርግጠኛ ያልሆንበት መጠን ይመጣል። የተረፉትን ረድፎች ለአሁኑ አትንኪያቸው።

እኔ ሠርቼው ስሎፑ 4.052 ወጣ፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.012። 4π² 39.48 ስለሆነ፣ ለ4.052 ሲካፈል g 9.74 ይሆናል፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.03። ያው ሰንጠረዥ ነው፤ አንድም ቁጥር አልነካሁም። ኢንተርሴፕቱ 0.056 ነው፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.007። ዜሮ አይደለም፤ ለዜሮ ቅርብም አይደለም፤ ከእርግጠኛ ያልሆንበት መጠን ስምንት እጥፍ ይርቃል። ከሦስቱ ቃሎችሽ ሁለቱ ቆሙ፤ አንዱ፣ «በዜሮ ያልፋል» የሚለው፣ ፈረሰ። የስህተት ውይይትሽ የሚጀምረው ከዚህ ነጥብ ነው።

ብዙ ዓመት ሪፖርት ሳርም «ሂውማን ኤረር» የሚለው ሐረግ ነጥብ ሲያስገኝ አላየሁም። ማንን እንደሚመለከት፣ ወዴት እንደሚጎትት፣ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። አንድ ስህተት በውይይቱ ላይ ቦታ እንዲኖረው ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት። g ን ከፍ ያደርጋል ወይስ ዝቅ? መጠኑ የታየውን ልዩነት ያህላል? በአምስቱ ርዝመቶች ላይ ሲደርስ ምን ቅርጽ ይተዋል? ተጠርጣሪዎቹን በዚህ እንጠይቃቸው።

የአየር ግጭት ውዝዋዜውን ቀስ በቀስ ያሳንሰዋል እንጂ ለትንሽ የብረት ኳስ የምልልስ ጊዜውን የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ እጅግ ባነሰ ነው። አቅጣጫው ቢስማማም መጠኑ አይደርስም፤ ይሰናበታል።

ትልቅ ማዕዘን T ን ስለሚያስረዝም g ን ዝቅ ያደርጋል፤ አቅጣጫው ልክ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ከአንድ ማዕዘን ከለቀቃችሁት አምስቱንም እኩል በመቶኛ ዝቅ ያደርጋቸዋል። 9.28 ላይ 5 በመቶ፣ 9.59 ላይ ደግሞ 2 በመቶ ገደማ የሚሆን ጉድለት አይፈጥርም፤ መስመሩንም ከዜሮ አያነሳውም። ቅርጹ አልገጠመም።

የስቶፕዎች መዘግየት ይበልጥ ጠንካራ ተጠርጣሪ ነው፤ በጥንቃቄ ጠይቂው። በእያንዳንዱ ልኬት ላይ አንድ ዓይነት ትርፍ ጊዜ ብትጨምሩ፣ አጭሩ ክር ላይ በመቶኛ ይበልጥ ስለሚከብድ የታየውን ደረጃ የሚመስል ቅርጽ ይተዋል። መጠኑን እንየው። የ30 ሴንቲሜትሩን ጉድለት ለመሙላት ከግማሽ ሰከንድ የሚበልጥ ትርፍ ያስፈልጋል። የጣት መዘግየት ከዚያ ያንሳል፤ ደግሞም ሲጀመርም ሲቆምም ስለሚኖር አብዛኛው እርስ በርሱ ይጣፋል። ስለዚህ የመዘግየቱ ድርሻ ነጥቦቹ ከመስመሩ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማለታቸው ላይ ይታያል፤ ያ 0.03 ውስጥ ገብቷል።

የቀረው ርዝመቱ ነው። L በአንድ በማይለወጥ መጠን፣ r እንበለው፣ አንሶ ከተለካ ቀመሩ T² = (4π²/g)·(L + r) ይሆናል። ስሎፑ አይነካም፤ መስመሩ ግን ከዜሮ ከፍ ብሎ ይቆርጣል። አቅጣጫው ልክ ነው፤ አጭር ክር ላይ ይበልጥ መጉዳቱም ልክ ነው። መጠኑስ? ኢንተርሴፕቱን ለስሎፑ አካፍይ፤ 0.056 ለ4.052 0.014 ሜትር ይሰጣል። ግራፍሽ «1.4 ሴንቲሜትር ጠፍቷል፣ ምናልባት 0.2 ወዲያ ወይም ወዲህ» እያለሽ ነው። ሰንጠረዥሽ ግርጌ ላይ «የኳሱ ዲያሜትር 3.0 ሳ.ሜ.» የምትል ማስታወሻ አለች፤ ሪፖርቱ ውስጥ የትም አልተጠቀምሽባትም። ግማሿ 1.5 ነው።

በእያንዳንዱ ርዝመት ላይ 1.5 ሴንቲሜትር ጨምረሽ አምስቱን g እንደገና ብታሰያቸው 9.74፣ 9.78፣ 9.79፣ 9.75፣ 9.75 ይወጣሉ። ደረጃው ጠፋ፤ የቀረው ወዲያና ወዲህ ማለት ብቻ ነው። እናንተ ሲስተማቲክ ኤረርና ራንደም ኤረር እያላችሁ የምትሸመድዱት ልዩነት እዚህ በዓይን ይታያል። የመጀመሪያው ተነቀለ፣ ሁለተኛው ቀረ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ አትንኪው። የለካችሁት 30 ከሆነ 31.5 ብለሽ አትጻፊ። ጥሬው ልኬት በውጤት ክፍል እንዳለ ይቀመጥ፤ እርማቱ በውይይቱ ውስጥ፣ ከምክንያቱና ከኳሱ ዲያሜትር ጋር፣ በግልጽ ይምጣ። እርማቱን ተቀባይነት የሚሰጠው 1.5 ከኳሱ በቀጥታ የተለካ መሆኑ ነው። ጥሩ g እስኪወጣ ድረስ የተመረጠ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ማጭበርበር ይሆን ነበር።

አሁን ወደዚያች «በላብራቶሪያችን» ወደምትለው ቃል እንመለስ። ሁሉም ሪፖርት ከ9.81 ጋር ይወዳደራል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ትክክለኛው g 9.77 ገደማ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለናል፤ ሁለቱም ስበቱን ያሳንሱታል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን ሄዶ ሳለ፣ ለፓሪስ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደኋላ እንደሚቀር አየ፤ ፔንዱለሙንም ማሳጠር ነበረበት። ያንቺ 9.74 ከ0.03 ጋር 9.77ን ያቅፋል፤ 9.81ን ግን አያቅፍም። በ9.81 ብትመዝኚው ትክክለኛ ሥራ ሠርተሽ ሳለ የሌለ ስህተት ስታድኚ ትውያለሽ።

መደምደሚያው አጭር ነው፤ ለዓላማው ይመልሳል፣ መላምቱ ምን እንደደረሰበት ይናገራል፣ አዲስ ነገር አያመጣም። «ሙከራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚለውን አውጪው። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በላብራቶሪያችን g 9.74 ± 0.03 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሆኖ ተገኝቷል፤ ለአዲስ አበባ ከሚጠበቀው 9.77 ጋር ይስማማል። T² ከ L ጋር በቀጥታ መስመር እንደሚያድግ የተነበየው መላምት ተደግፏል። መስመሩ ግን በዜሮ አላለፈም፤ ልዩነቱ 1.4 ± 0.2 ሴንቲሜትር ከሚሆን የርዝመት ጉድለት ጋር ይመጣጠናል፤ ይህም ርዝመቱ እስከ ኳሱ አናት በመለካቱ የተነሳ ከጠፋው 1.5 ሴንቲሜትር ጋር ይስማማል።»

ከዓርብ በፊት ላብ መግባት ከቻልሽ ኳሱን በካሊፐር ለኪው፤ 3.0 የሚለው በማስመሪያ በዓይን የታየ ይመስለኛልና። ከ2.4 እስከ 3.2 ባለው ውስጥ ካገኘሽው ታሪኩ ይቆማል። 2 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ ግን ኳሱ ጉድለቱን ሁሉ አይሞላም። ያን ጊዜ ወደ መስቀያው ቀና በይ፤ ክሩ የሚታጠፍበት ነጥብና እናንተ መለካት የጀመራችሁበት ነጥብ አንድ መሆኑን አይተሽ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊሜትር መዝግቢው።